የሳይንስ ፈተና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመለስ፦ ሙያዊ ቃላቱን ምን እናድርግ? ክብደቱስ እኩል መሆኑ በምን ይታወቃል?

እርሳስና ላጲስ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። 40 የምርጫ ጥያቄዎች ያሉት የአጠቃላይ ሳይንስ ፈተና በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ አልቋል፤ አሁን ወደ አማርኛ መመለስ አለበት። ገሚሱ ተፈታኝ በእንግሊዝኛ፣ ገሚሱ በአማርኛ ይቀመጣል። ማለፊያ ነጥቡ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ቅጂ ከሌላው ከቀለለ ዳኝነቱ ተዛባ ማለት ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ሙያዊ ቃላቱን አማርኛ እናድርጋቸው ወይስ እንዳሉ በፊደላችን እንጻፋቸው? ክብደቱ እኩል መሆኑንስ በምን እናውቃለን? ያስቸገረንን አንዱን ላስቀምጥ። ጥያቄ 14 በረቂቁ እንዲህ ይላል፦

በአንድ ዕቃ 200 ግራም፣ በሌላው 400 ግራም ውኃ አለ። ሁለቱም 60°C ናቸው። ትክክል የሆነው የቱ ነው?
ሀ. 400 ግራሙ የበለጠ ሙቀት አለው
ለ. 400 ግራሙ ይበልጥ ይሞቃል
ሐ. 200 ግራሙ የበለጠ ሙቀት አለው
መ. ሁለቱ እኩል ሙቀት አላቸው

መልሱ «ሀ» ነው ተብሏል። ያየው ሁሉ ግን «መ» ይላል።

---

ጥቁር ሰሌዳ

ያዩት ሰዎች ልክ ናቸው፤ በዚህ አማርኛ መልሱ «መ» ነው። እንግሊዝኛው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይጠይቅ ነበር፦ ቴምፕሬቸርና የሙቀት ኢነርጂ። ተርጓሚው ሁለቱንም «ሙቀት» ሲላቸው «ሀ» እና «ለ» አንድ ዓይነት ሆኑበት፤ እንዲለያዩ ብሎ «ለ»ን «ይበልጥ ይሞቃል» አደረገው። 60 ዲግሪ እኩል መሆኑ ከላይ ስለተጻፈ ያ አማራጭ ወዲያው ይወድቃል። ቀሪዎቹ ሦስቱ ደግሞ «ሙቀት» የሚለውን እንደ ሰፈር አነጋገር ለሚያነብ ሰው «መ»ን ይሰጡታል። ፈተናው የጠየቀው ልዩነት ከአማርኛው ጠፍቷል።

የሚስተካከለው እንዲህ ነው። ለቴምፕሬቸር «መጠነ ሙቀት» የሚል ቃል አለ፤ በየመጽሐፉም ተለምዷል። ለኢነርጂ ግን መጻሕፍቱ አይስማሙም፤ አንዱ «ጉልበት» ሲል ሌላው «ኃይል» ይላል፣ ፎርስም በእነዚሁ በሁለቱ መሃል ይዋልላል። ስለዚህ የሚያምረውን ቃል አትምረጥ። ተፈታኞቹ የተማሩበትን መጽሐፍ ከፍተህ እዚያ ያለውን ውሰድና 40ውንም ጥያቄ በእሱ ጻፍ። ጥያቄ 14 ያን ጊዜ ይህን ይመስላል፦

ሀ. 400 ግራሙ የበለጠ የሙቀት ጉልበት ይዟል
ለ. 400 ግራሙ የበለጠ መጠነ ሙቀት አለው
ሐ. 200 ግራሙ የበለጠ የሙቀት ጉልበት ይዟል
መ. ሁለቱ እኩል የሙቀት ጉልበት ይዘዋል

አሁን አሳሳቾቹ ያሳስታሉ፣ መልሱም አንድ ነው።

ትርጉም ሳትጀምር የቃላት ሠንጠረዥ ሥራ። አራት ዓምድ ይበቃዋል፦ የእንግሊዝኛው ቃል፣ የተመረጠው አማርኛ፣ የተገኘበት መጽሐፍና ገጽ፣ የተከለከሉ አቻዎች። አራተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን እሱ ነው። «መጠነ ሙቀት» ተመርጦ «ሙቀት» ብቻውን ካልተከለከለ በጥያቄ 27 ላይ ሾልኮ ይገባል። ማስና ክብደትም እንደዚሁ ናቸው፦ «መጠነ ቁስ» ከተባለ «ክብደት» በኒውተን ለሚለካው ብቻ ይቀመጥ።

---

ቀጥታ መስመር

ይህን ሁሉ ከማወሳሰብ ቃላቱን እንዳሉ ማስቀመጥ አይሻልም? ቴምፕሬቸር፣ ኢነርጂ፣ ማስ፣ ፎርስ፤ ሁሉም በፊደላችን ይጻፉና ክብደቱ እኩል ይሆናል። ከዚያ ሌላ ሰው አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። ከዋናው ጋር ከገጠመ ሥራው አለቀ፤ ዓለም ሁሉ የሚሠራው እንደዚህ ነው።

---

ጥቁር ሰሌዳ

ግማሹ ልክ ነው። ተፈታኙ ቃሉን በክፍል የሰማው «ቮልቴጅ» ብሎ ከሆነ «ቮልቴጅ» ብለህ ተወው፤ ያላየው ግዕዝ ቀመስ ቃል ቢፈጠርለት ጥያቄው የፊዚክስ መሆኑ ይቀርና የመዝገበ ቃላት ይሆናል። «መጠነ ቁስ» ብሎ ለተማረ ልጅ ግን «ማስ» ባዕድ ነው፤ ያኔ ያከበድከው አማርኛውን ነው። እንግሊዝኛ አንባቢው በሚያውቀው ቃል ሲፈተን አማርኛ አንባቢው በማያውቀው ተፈተነ።

መልሶ መተርጎሙ ደግሞ የሚይዘው የተዘለለ ዐረፍተ ነገርን፣ የተገለበጠ ቁጥርን፣ የወደቀ አሉታን ነው። ጥያቄ 14ን አይዝም ነበር። ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ባለሙያ «ሙቀት» የሚለውን ሲያይ ከዐውዱ ገምቶ አንዱን ቴምፕሬቸር፣ ሌላውን ኢነርጂ ይለዋል፤ ወረቀቱም ከዋናው ጋር ልክክ ይላል። ጎበዝ ተርጓሚ በሆነ ቁጥር የአማርኛውን ጉድለት ይበልጥ ይሸፍነዋል። በዚህ ምክንያት እንደ ፒሳ ያሉ ዓለም አቀፍ ፈተናዎች ሁለት ተርጓሚዎች ለየብቻ ተርጉመው ሦስተኛ ሰው ሁለቱን የሚያስታርቅበትን መንገድ ይመክራሉ። ሁለቱ የተለያዩበት ቦታ ራሱ ምልክት ነው፤ አንዱ «ሙቀት»፣ ሌላው «መጠነ ሙቀት» ካሉ ክርክሩ ፈተናው ሳይታተም ይነሳል።

---

ጎማ ቀያሪ

ይቅርታ፣ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና በአማርኛ መውሰድ ይቻላል ማለት ነው? የጥያቄዎቹን ወረቀት ያለው ካለ እዚህ ይለጥፍልኝ።

---

እርሳስና ላጲስ

ወንድሜ፣ ይሄኛው ስለ ትርጉም ሥራ ነው፤ የመንጃ ፈቃድ ነገር ሌላ ክር ላይ ብትጠይቅ ይሻልሃል።

ጥቁር ሰሌዳ፣ ሠንጠረዡን እንጀምራለን። አንድ ነገር ልጨምር፦ ቃላቱን አማርኛ ስናደርጋቸው አንዳንዶቹ መልሱን ራሳቸው ይናገራሉ። «ዕፅ ብቻ የሚመገብ እንስሳ ምን ይባላል?» ብለን አማራጩ ላይ «ዕፅ በል» ብንጽፍ ምኑን ጠየቅን?

---

ማዕዘን

የሒሳብ ሰዎች በዚህ ስንሠቃይ ኖረናል። ኦክታጎን ስንት ጎን አለው? በአማርኛ «ስምንት ጎን ስንት ጎን አለው?» ሊሆን ነው። እንግሊዝኛው የሚለካው ልጁ የግሪክና የላቲን ስም መሸምደዱን ነው፤ አማርኛው ስሙን ገላጭ ስላደረገው የሚለካ ነገር አይቀርም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ አትተርጉመው፤ አውጣውና ሌላ ተካ። ለምሳሌ የዕንስሳውን ስም ትተህ የጥርሱን ሥዕል ስጥና ምን እንደሚመገብ ጠይቅ። ታዲያ እንግሊዝኛውም አብሮ መለወጥ አለበት፤ አንዱን ቅጂ ብቻ ነክቶ እኩል ነን ማለት አይቻልም።

ሌላ ማንም ልብ የማይለው ወጥመድ ሰዓት ነው። «ከረፋዱ 11:30 የተነሣ አውቶቡስ ከቀኑ 1:15 ደረሰ፤ ስንት ጊዜ ፈጀ?» የሚል የእንግሊዝኛ ጥያቄ አለ እንበል። ክብደቱ ያለው 12ን መሻገሩ ላይ ነው፤ 1:15 ከ11:30 በቀጥታ አይቀነስም። ተርጓሚው ሰዓቱን በትክክል ወደ እኛ አቆጣጠር ሲለውጠው ከረፋዱ 5:30 እስከ ቀኑ 7:15 ይሆናል፤ ልጁም 7:15 ሲቀነስ 5:30 ብሎ 1:45 ይጽፋል። መልሱ ያው ነው፣ ጥያቄው ግን ቀልሏል። እኔ የምመክረው ቁጥሮቹን ትቶ የቀኑን ክፍል መለወጥ ነው፦ ከቀኑ 11:30 ተነሥቶ ከምሽቱ 1:15 ደረሰ። 12ን መሻገሩ ተጠበቀ፣ መልሱም 1:45 እንደሆነ ቀረ። ጥያቄው ውስጥ የፀሐይ ነገር ካለ ብቻ ተጠንቀቅ፤ አውቶቡሱ አሁን የሚደርሰው በጨለማ ነው።

---

ብራና

ከሰዋስው በኩል ሦስት ነገር ልበል፤ ሙያዊ ቃሉ ተስተካክሎም ጥያቄ የሚበላሸው በእነዚህ ነው።

አንደኛ፣ ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። «በዚህ የምግብ ሰንሰለት ውስጥ የሚበላው የትኛው ነው?» ብለህ ብትጽፍ «በ»ን አላልቶ የሚያነበው የሚመገበውን ይፈልጋል፤ አጥብቆ የሚያነበው ደግሞ የሚበሉትን። ሁለቱም ልክ አንብበዋል። አዘጋጁ ሐሳቡን ስለሚያውቅ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ብቻ ነው የሚያነበው፤ ስለዚህ ስህተቱ አይታየውም። «ሌላውን የሚመገበው» ወይም «በሌላው የሚበላው» ብለህ ዝጋው። እንደ «ይለካል»፣ «ይሰማል» ያሉትንም በየጥያቄው እየፈለግክ ጮክ ብለህ አንብብ።

ሁለተኛ፣ ጾታ። እንግሊዝኛው ስለ ሰማይ አካላት ሲጠይቅ ጾታ የለበትም። «በምድር ዙሪያ የምትዞረው የትኛዋ ናት?» ስትል ግን ከአማራጮቹ መሃል በአንስታይ የሚጠሩትን ጠቁመሃል፤ ጁፒተርና ማርስ ሳይነኩ ወደቁ። «በምድር ዙሪያ የሚዞረው የሰማይ አካል የትኛው ነው?» በለው። «አካል» ወንድ ስለሆነ ፍንጩ ይጠፋል።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው የግሥ ቦታ ነው። በእንግሊዝኛ ጥያቄው ተጀምሮ ይንጠለጠልና አማራጩ ይጨርሰዋል። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ስለሚመጣ ክፍት ቦታው መሃል ይወድቃል፦ «የፎርስ መለኪያ አሃድ ______ ነው»። ይህኛው አጭር ስለሆነ ይነበባል። አማራጮቹ ሐረግ ሲሆኑ ግን ልጁ እያንዳንዱን መሃል አስገብቶ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ አለበት፤ ጊዜም ጉልበትም ይበላዋል። ሙሉ ጥያቄ አድርገውና በ«የቱ ነው» ዝጋው። ቅድመ ሁኔታ የበዛበትንም እንዲሁ፤ እንግሊዝኛው መጀመሪያ ይጠይቅና «ይህ ከሆነ፣ ያ ከሆነ» ብሎ ይጨርሳል። በአማርኛ ያንን በአንድ ዐረፍተ ነገር ከተረጎምከው «የ… የ… የሆነው» ተደራርቦ የሚጠየቀው ነገር እስኪመጣ አንባቢው ይደክማል። መረጃውን በሁለት አጭር ዐረፍተ ነገር ስጥ፣ ጥያቄውን ለብቻው አስከትል።

---

ቀጥታ መስመር

ከዚህ ላይ ግን አልስማማም። አማርኛውን ቆራርጠህ ካቀለልከው እንግሊዝኛው በረዥም ዐረፍተ ነገር እንደከበደ ቀረ። እኩልነቱ የታለ?

---

ብራና

ትክክለኛ ነጥብ ነው። መፍትሔው ማዕዘን እንዳለው እንግሊዝኛውንም መቁረጥ ነው፤ ፈተናው የንባብ ካልሆነ በስተቀር የዐረፍተ ነገሩ ርዝመት ጠቃሚ ክብደት አይደለም። እንግሊዝኛው አንዴ ጸድቋል፣ አይነካም ከተባለ ግን የሚቀረው ምርጫ ሁሉ ጉዳት አለው፤ እኔ በበኩሌ ግልጽ አማርኛን ይዤ ልዩነቱን በሰነድ መዝግቤ ባልፍ እመርጣለሁ።

---

እርሳስና ላጲስ

እንግሊዝኛውን በጥቂቱ መንካት ይፈቀድልናል። የቀረኝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። የሙከራ ፈተና ሰጥተን በየጥያቄው ስንት በመቶ እንደመለሱ በሁለቱም ቋንቋ ብናነጻጽር አይበቃም?

---

ድምር

አይበቃም። ጥያቄ 9ን ከእንግሊዝኛ ተፈታኞች 60 በመቶ፣ ከአማርኛዎቹ 45 በመቶ መለሱት እንበል። ጥያቄው በአማርኛ ስለከበደ ነው ወይስ ቡድኑ በሳይንስ ስለደከመ? ቁጥሩ ይህን አይነግርህም። ማነጻጸር ያለብህ በጠቅላላ ውጤት የሚቀራረቡትን ነው።

እንዲህ ሥራው። ተፈታኞቹን በጠቅላላ ነጥባቸው ከፋፍል፦ 11 እስከ 15፣ 16 እስከ 20፣ እንዲህ እያልክ። አሁን በአንዱ ክፍል ውስጥ ብቻ ተመልከት። ከ16 እስከ 20 ካገኙት መሃል በእንግሊዝኛ ከ100 ተፈታኞች 40፣ በአማርኛ ከ100 ተፈታኞች 70 አንዱን ጥያቄ መለሱ እንበል። በእንግሊዝኛ የመለሱት ላልመለሱት 40 ለ60፣ በአማርኛ 70 ለ30 ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ብታካፍለው 3.5 ይመጣል። ማንቴልና ሄንዘል በስማቸው የሚጠራው ስሌት ይህንኑ በየክፍሉ ሠርቶ በሚዛን ይደምረዋል። በተለመደው መለኪያ ድምሩ እስከ 1.5 እጥፍ ገደማ ከሆነ ልዩነቱ ይናቃል፤ 1.9 ገደማ ካለፈና በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑ ከተረጋገጠ ጥያቄው ተነሥቶ መታየት አለበት። በተቃራኒው ሲሆንም፣ ማለት አማርኛው ሲከብድ፣ ያው ነው።

አንድ ነገር ግን ይህ ስሌት አያይም። 40ውም ጥያቄ በአማርኛ በእኩል መጠን ከቀለለ ጠቅላላ ነጥቡ ራሱ አብሮ ያብጣል፣ ስሌቱም «ሁሉ ሰላም» ይላል። ስለዚህ ቋንቋ እምብዛም የማይነካቸው ከ8 እስከ 10 ጥያቄዎች መልህቅ ይሁኑ፦ የግራፍ ንባብ፣ ቁጥርና አሃድ ብቻ ያለበት ስሌት፣ ምልክት የተደረገበት ሥዕል። ተፈታኞቹን የምትከፋፍለው በእነዚህ ነጥብ ይሁን። እነሱም ቢሆኑ ፍጹም አይደሉም፤ «ትንሹ» ወይም «ቢያንስ» የሚል አንድ ቃል ግራፉንም ያከብደዋል።

---

እርሳስና ላጲስ

ጥሩ ነው፣ ግን የምናገኛቸው የሙከራ ተፈታኞች በሁለቱም ቋንቋ ተደምረው 60 ናቸው።

---

ድምር

በ60 ሰው ይህን ስሌት አትሥራ። በየቋንቋው 200 ገደማ ካላገኘህ በየክፍሉ አራትና አምስት ሰው ይቀርና አንድ ልጅ ቢሳሳት ቁጥሩ ይገለባበጣል። ይልቅ ጥያቄዎቹን በየቋንቋው ከቀላል ወደ ከባድ ደርድርና በአንዱ 5ኛ ሆኖ በሌላው 30ኛ የሆነውን ብቻ ፈልግ። ማረጋገጫ አይሆንህም፤ የት እንደምታይ ግን ይነግርሃል።

---

ጥቁር ሰሌዳ

ለጥቂት ሰው የሚሆን ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው፣ ከስድስት እስከ ስምንት ተፈታኞችን ለየብቻ አስቀምጠህ ጮክ ብለው እያሰቡ እንዲሠሩ ማድረግ ነው። «ገባህ ወይ?» አትበል፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ጥያቄው ምን እያለህ ነው? በራስህ አባባል ንገረኝ» በል፣ ቀጥሎ «ይህኛውን አማራጭ ለምን ተውከው?» ብለህ ጠይቅ። «የምትዞረው ስለሚል» ካለህ የጾታውን ፍንጭ አገኘህ።

ሁለተኛው ለገላጭ ቃላት ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ያልተማሩ፣ አማርኛ ግን በደንብ የሚያነቡ አሥር ሰዎች ፈተናውን ይሥሩ። አራት አማራጭ ያለው ጥያቄ በግምት ብቻ ከአሥሩ ሁለት ሦስቱ ይመልሱታል። ስምንት ዘጠኙ ከመለሱት መልሱን የሰጣቸው ወይ ቋንቋው ነው ወይ የዕለት ተዕለት ዕውቀት። የትኛው እንደሆነ ለመለየት እንግሊዝኛ የሚያነቡ ሌሎች አሥር ያልተማሩ ሰዎችን በእንግሊዝኛው ሞክር። እዚያ የማይመለስ ከሆነ ጥፋቱ የአማርኛው ቃል ነው።

---

ማዕዘን

በዚህ መንገድ «ብርሃን አስተፃምሮ» መውደቁ አይቀርም። «ዕፅዋት በብርሃን ምግባቸውን የሚያዘጋጁበት ሂደት ምን ይባላል?» ስትል «ብርሃን» ጥያቄውም ውስጥ መልሱም ውስጥ አለ። ፎቶሲንተሲስ ብለን እንጻፈው?

---

ጥቁር ሰሌዳ

መጽሐፉ ውስጥ ያለው «ብርሃን አስተፃምሮ» ከሆነ አትለውጠው። ጥያቄውን ገልብጠው፤ ስሙን ስጥና ሂደቱ የሚያስፈልገውን ጋዝ ጠይቅ።

---

ብራና

እኔ ግን ጥያቄውን መገልበጡ ሌላ ጥያቄ መፍጠር ይመስለኛል። ስም ማወቅና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚገባ ማወቅ አንድ ደረጃ አይደሉም፤ የፈተናው ዕቅድ «ስም ይለይ» ካለ ዕቅዱን የሠራው ሰው ሳይስማማ መለወጥ የለበትም።

---

እርሳስና ላጲስ

ዕቅዱን ላወጡት እናቀርበዋለን። የመጨረሻ ጥያቄ፦ አማርኛው ቃል ጎን የእንግሊዝኛውን በቅንፍ እንጨምር የሚሉ አሉ።

---

ጥቁር ሰሌዳ

ከጨመርክ በደንብ ጨምር። ቅንፉ ትክክለኛው አማራጭ ላይ ብቻ ካለ ወይም እሱ ላይ ብቻ ከጎደለ ፍንጭ ነው፤ አራቱም ይኑራቸው ወይም አንዳቸውም። መነሻ ጥያቄው ውስጥ ያለውን ደግሞ ቃሉ መጀመሪያ በመጣበት ብቻ ሳይሆን በየጥያቄው ድገመው፤ ተፈታኝ ከ1 ጀምሮ በቅደም ተከተል አይሠራም።

---

ድምር

ሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን ማተምስ? በእኔ እይታ ለአማርኛ ተፈታኞች ብቻ ሁለት ቋንቋ ከተሰጠ እነሱ ሁለት ዕድል አገኙ፤ እንግሊዝኛ ተፈታኙ አንድ።

---

ብራና

ሁለት ቋንቋ ማንበብም ጊዜ ይወስዳል፤ ጥቅምና ጉዳቱ ይካካስ እንደሆነ ሳይሞከር አይታወቅም። ለመላው ተፈታኝ ተመሳሳይ ደብተር ቢሰጥ እመርጣለሁ።

እግረ መንገዴን፦ አማራጮቹን «ሀ ለ ሐ መ» ስትሉ ፈታኙ ስህተት እርማት በቃል ሲያነብ «ሀ» እና «ሐ» በጆሮ አይለዩም። መልስ መስጫ ወረቀቱ በማሽን የሚታረም ከሆነና በእንግሊዝኛ ፊደል ከታተመ ደግሞ ልጁ «ሐ»ን ወደ ሦስተኛው ክብ እየቀየረ ማጥቆር አለበት። በሁለቱም ቅጂ ላይ ወረቀቱ ላይ ያለውን ፊደል ተጠቀሙ።

---

እርሳስና ላጲስ

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የታተመው። እንቀይረዋለን። የጎን ለጎን ሕትመቱን ግን በ60ዎቹ ላይ በሰዓት ለክተን እናያለን፤ በየጥያቄው የሚፈጀውን ጊዜ እዚሁ እለጥፋለሁ።